«ጎሚስታ፣ 300 ሜትር»፦ ከሚያልፍ መኪና ላይ የሚነበብ ታፔላ እንዴት ይጻፋል?

ከሞጆ ወጥቶ ወደ አዳማ በሚወስደው ነባሩ መንገድ ዳር አንድ ሰው የጎማ ጥገና ቤት ከፈተ እንበል። ኮምፕረሰሩን ተክሏል፣ ክሪኩንና የጎማ መፍቻ ብረቶቹን አሰናድቷል፤ የቀረው ታፔላ ማስጻፍ ብቻ ነው። ወደ ጽሕፈት ባለሙያው ይዞት የሚሄደው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ይመስላል፦

«የጎማ ጥገናና የባላንስ አገልግሎት መስጫ፤ ማንኛውንም ዓይነት የከባድና የቀላል ተሽከርካሪ ጎማ በዘመናዊ መሣሪያ በጥራትና በፍጥነት እንጠግናለን፤ ነፋስ እንሞላለን።»

ከሥሩ ደግሞ ዐሥር አኃዝ ያለው የስልክ ቁጥር ይከተላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሐሰት የለም፣ የሰዋስው ስሕተትም የለም። ቆሞ ለሚያነበው ሰው ሁሉም ነገር ግልጽ ነው። ችግሩ የታፔላው አንባቢ ቆሞ የሚያነብ ሰው አለመሆኑ ነው፤ ስለዚህ ጽሑፉን ከማረም በፊት አንባቢው ስንት ሰከንድ እንዳለው ማስላት ያስፈልጋል።

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይሄዳል። አንድ ፊደል ከምን ያህል ርቀት እንደሚነበብ የሚወስነው በዋናነት ቁመቱ ነው። በላቲን ፊደል ለሚጻፉ የመንገድ ምልክቶች አሜሪካውያን መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት ልማዳዊ ስሌት ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ቁመት ሦስት ሜትር ተኩል ያህል የንባብ ርቀት ይሰጣል። የእኛ ፊደል ግን እዚህ ላይ ይከብዳል። የላቲን ትልልቅ ፊደላት በጠቅላላ ቅርጻቸው ይለያያሉ፤ በእኛ ግን «መ»ን ከ«ሚ»፣ «ነ»ን ከ«ኘ»፣ «ተ»ን ከ«ቸ» የሚለየው በፊደሉ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ቅጥያ ናት። ፊደሉ ከሩቅ ሲታይ መጀመሪያ የምትጠፋው ይህች ቅጥያ ስለሆነች፣ ፊደሉን ማየትና ፊደሉን መለየት ሁለት የተለያዩ ርቀቶች ይሆናሉ። እኔ ስለዚህ ለአንድ ሴንቲ ሜትር ቁመት ሁለት ሜትር ተኩል ብቻ ብሎ ማስላትን እመርጣለሁ። ይህ በሕግ የተደነገገ ልኬት ሳይሆን የጥንቃቄ ግምት ነው፤ ግምቱ ትክክል መሆኑን መፈተሻ ዘዴ ስላለ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን የባለ ጎማ ቤቱን ጽሑፍ ሦስት ሜትር ስፋትና ሁለት ሜትር ቁመት ባለው ሰሌዳ ላይ እናስፍረው። ጽሑፉ 18 ቃላት አሉት፤ በፊደል ሲቆጠር 83 ፊደላት ይሆናል፣ የስልኩ አኃዞች ሲጨመሩ 93። ይህን ሁሉ ለማስገባት ስልኩን ጨምሮ ሰባት መስመር ያስፈልጋል፤ በመስመሮቹ መካከልና በዳር ክፍተት ከተተወ ደግሞ የፊደሉ ቁመት ከ18 ሴንቲ ሜትር ሊበልጥ አይችልም። 18 ሴንቲ ሜትር በእኛ ስሌት ከ45 ሜትር ላይ መነበብ ይጀምራል። ነገር ግን አሽከርካሪው እስከ ሰሌዳው ሥር ድረስ እያነበበ አይሄድም፤ 30 ሜትር ያህል ሲቀረው ሰሌዳው ወደ ጎን ስለሚሸሽ፣ ለማንበብ አንገቱን አዙሮ ዓይኑን ከመንገዱ ማንሣት ይኖርበታል። ለንባብ የሚተርፈው ርቀት እንግዲህ 15 ሜትር ነው፤ ጊዜውም ከአንድ ሰከንድ ያነሰ፣ 0.7 ሰከንድ ገደማ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዓይን ከሰባቱ መስመሮች በየትኛው ላይ እንደሚያርፍ እንኳ ሳይወስን መኪናው አልፏል።

ሰሌዳውን ማሳደግ ይቻላል፤ ሆኖም ጊዜው ቢረዝምም አሽከርካሪው ሁሉንም ሊጠቀምበት አይችልም፣ አይገባምም። ዓይን ከመንገድ ላይ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰከንድ በላይ ሲነሣ የአደጋ ዕድል በግልጽ እንደሚጨምር በትራፊክ ደኅንነት ጥናት የታወቀ ነገር ነው። ስለዚህ ጥሩ ታፔላ የሚባለው በአንድ አጭር እይታ፣ ቢበዛ በሁለት፣ የሚያልቅ ነው። ጽሑፉ የግድ ማጠር ያለበት ለዚህ ነው።

ምን ያህል ይጠር? የውጭ አገር የማስታወቂያ ባለሙያዎች «ከሰባት ቃል አትለፍ» የሚል ልማድ አላቸው። ይህ ልማድ ለእንግሊዝኛ ይሠራ ይሆናል፤ ለአማርኛ ግን መለኪያው ራሱ ያሳስታል፣ ምክንያቱም የእኛ አንድ ቃል አንዳንድ ጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። «እናስጠግንልዎታለን» አንድ ቃል ነው ብሎ የቆጠረ ሰው ዐሥራ አንድ ፊደል፣ ከአድራጊውና ከሚደረግለት ሰው ጋር፣ በአንድ ጊዜ አሸክሞናል። በአማርኛ መቆጠር ያለበት ፊደሉ ነው። ለመንገድ ዳር ታፔላ ከ12 ፊደል ያላለፈ ጽሑፍ ብዬ ብነሣ ማንም ብዙ የሚያማርር አይመስለኝም፤ እያንዳንዱ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን በአንድነት ስለሚይዝ በ12 ፊደል የሚባለው ነገር ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው የአማርኛ ጠባይ ግሱ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው። «ማንኛውንም ዓይነት የከባድና የቀላል ተሽከርካሪ ጎማ...» ብሎ የጀመረ ዓረፍተ ነገር እንሸጣለን ይሁን እንገዛለን፣ እንጠግናለን ይሁን እናስመጣለን፣ የሚታወቀው በመጨረሻው ቃል ነው። ቁጭ ብሎ ለሚያነብ ሰው ይህ ጉጉት የሚፈጥር ውበት ነው፤ በ22 ሜትር በሰከንድ ለሚያልፍ ሰው ግን ዋናው ነገር ሳይደርሰው የሚቀርበት አደረጃጀት ነው። መፍትሔው ዓረፍተ ነገሩን ትቶ በስም ብቻ መጻፍ ነው። ስም ሌላ ጥቅምም አለው፦ ግስ ያለበት ጥሪ ሁልጊዜ «ቁም» ይሁን «ቁሚ» ወይስ «ይቁሙ» የሚል ጥያቄ ያመጣል፤ አንዱን ስንመርጥ ሌላውን እናስቀይማለን፣ አክብሮቱን ስንመርጥ ደግሞ ፊደሉ ይጨምራል። ስም ለማንም ሳያዳላ የሚናገር ነው።

ታዲያ የትኛው ስም? እዚህ ላይ ቋንቋው አስቀድሞ ሥራውን ሠርቶልናል። «ጎሚስታ» ከጣሊያንኛ የወረስነው ቃል ነው፤ ባለሙያውን፣ ሙያውንና ቤቱን በአራት ፊደል ይጠራል። «የጎማ ጥገና አገልግሎት መስጫ» የሚለው 15 ፊደል ፈጅቶ ከዚህ የተለየ ነገር አይነግረንም። «ጎማ» ብቻ ብለን በሁለት ፊደል ብንጨርሰውስ የሚል ይኖራል። ፊደሉን የበለጠ ማግዘፍ ያስችላል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን አዲስ ጎማ የሚሸጥበት መደብርም በዚያው ቃል ስለሚጠራ፣ ጎማው የተበሳበት ሰው ቆሞ ሲገባ የሚሸጥ እንጂ የሚጠግን ያጣል ብሎ የመጠራጠር መብት አለው። «ጎሚስታ» ይህን ጥርጣሬ ያስቀራል። በአጻጻፉ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፦ አንዳንዱ «ጐሚስታ» ብሎ ይጽፈዋል። በመጽሐፍ ላይ ልዩነቱ የምርጫ ጉዳይ ነው፤ በታፔላ ላይ ግን «ጎ» ከሩቅ የበለጠ ግልጽ ስለሆነ እሱን መያዝ ይሻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አሽከርካሪው ከስሙ ሌላ ምን ማወቅ ይፈልጋል የሚለው ነው፤ ለዚህም አንባቢው ማን እንደሆነ በትክክል ማሰብ ይገባል። ጎማው አሁን የፈነዳበት ሰው በ80 አይነዳም፤ ዳር ይዞ ቆሟል ወይም እየዳኸ ነው። የታፔላው እውነተኛ አንባቢ ሌላ ነው። ስኮርታውን አስሮ የተበሳውን ጎማ ከኋላ የጫነና ሌላ ቢበሳበት የሚቀይረው ስለሌለው የሚሰጋ ሰው አለ፤ ጎማው ቀስ እያለ ስለሚተነፍስ መሪው ወደ አንድ ጎን እየሳበው የሚሄድ ሰው አለ፤ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጭኖ የወጣና ከጎኑ የተቀመጠው ረዳቱ ጎማ ሲጮህ የሰማበት የከባድ መኪና አሽከርካሪም አለ። እነዚህ ሁሉ ጎማ እንደሚጠገን ያውቃሉ፤ በዘመናዊ መሣሪያ መሆኑም ለጊዜው አያሳስባቸውም። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ የት? ከፊት ከሆነ በስንት ሜትር?

ስለዚህ የታፔላው ሁለተኛ መስመር ርቀት ነው፤ ርቀቱም ከማቆሚያ ስሌት ጋር መስማማት አለበት። በ80 የሚሄድ ሰው አንብቦ፣ አስቦ፣ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርግ ሁለት ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 55 ሜትር ሄዷል። ከዚያ ተሳፋሪ ሳይወረውር፣ ያመመውንም ጎማ ሳያስጨንቅ በለስላሳ ፍሬን ለማቆም 125 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ድምሩ 180 ሜትር ነው። የተጫነ ከባድ መኪና ፍሬኑን ከዚህም ይበልጥ አለስልሶ ስለሚይዝ 220 ሜትርና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ከዚህ የምንረዳው፣ በቤቱ በር ላይ ብቻ የተሰቀለ ታፔላ ምንም ያህል ጥሩ ቢጻፍ የሚነበበው ማቆም ካለፈ በኋላ መሆኑን ነው። አሽከርካሪው «አለ ለካ!» ብሎ ያልፋል፤ ጭነት ይዞ በዚያ መንገድ ላይ የሚመለስ ጥቂት ነው። ሞጆ የጭነት መኪና የሚበዛበት ስለሆነ ሰሌዳውን ከቤቱ 300 ሜትር ቀደም ብሎ መትከልና ቁጥሩን ያለ ስብርባሪ «300 ሜትር» ማለት ተገቢ ነው።

ጽሑፉ እንግዲህ ይህ ነው፦

«ጎሚስታ
300 ሜትር»

አራት ፊደል፣ ሦስት አኃዝ፣ እንደገና ሦስት ፊደል፤ በድምሩ ዐሥር። በዚያው ሦስት በሁለት ሜትር ሰሌዳ ላይ የመጀመሪያው መስመር 60 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው 40 ሴንቲ ሜትር ቁመት ሊሰጠው ይችላል፤ ቦታም ይተርፋል። «ጎሚስታ» ከ150 ሜትር ላይ ይነበባል፣ «300 ሜትር» ደግሞ ከ100 ሜትር። የቁመቱ ልዩነት ለጌጥ አይደለም፤ አሽከርካሪው መጀመሪያ ምን እንደሆነ አውቆ መንገዱን ይመለከታል፣ ሁለት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ርቀቱ የሚነበብበት ቦታ ሲደርስ ደግሞ ጉዳዩ የሚመለከተው ከሆነ እንደገና ያያል። ጉዳዩ የማይመለከተው ሰው ሁለተኛውን እይታ አያባክንም። የመጨረሻውን 30 ሜትር ቀንሰን ለመጀመሪያው መስመር ከአምስት ሰከንድ በላይ፣ ለሁለተኛው ሦስት ሰከንድ ይተርፋል፤ ከቅድሙ 0.7 ሰከንድ ጋር ማነጻጸር ነው።

በቤቱ መግቢያ ላይ ሁለተኛ ሰሌዳ ያስፈልጋል፤ በእሱ ላይ «ጎሚስታ» የሚለው ቃልና ወደ ግቢው የሚያመለክት ወፍራም ቀስት ይበቃል። «በስተቀኝ» ብሎ መጻፍ አምስት ፊደል ከመፍጀቱም በላይ «ኝ» ከሩቅ «ን» ትመስላለች። መልእክትን በተከታታይ ሰሌዳዎች መከፋፈል አዲስ ብልሃት አይደለም፤ በርማ ሼቭ የተባለው የአሜሪካ የመላጫ ክሬም ከ1925 እስከ 1963 እ.ኤ.አ. ድረስ ግጥም እየከፋፈለ በአውራ ጎዳና ዳር በተከታታይ በተተከሉ ትናንሽ ሰሌዳዎች ላይ ይጽፍ ነበር። ግጥሙ ለእሱ ይሁንለት። ለጎማ ቤት የሚያስፈልገው ክፍፍል ሁለት ነው፦ አንዱ «ተዘጋጅ»፣ ሌላው «እዚህ ነው» የሚል።

የቀረው ሁሉ የት ይግባ? የባለ ቤቱ 18 ቃላት አይጣሉም፤ ቦታ ይቀየርላቸዋል። ጎማው እስኪጠገን ድረስ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ግድግዳውን የሚያነብበት በቂ ጊዜ አለው፤ ባላንስ መሠራቱን፣ ነፋስ መሞላቱን፣ ዋጋውን፣ ስልኩን እዚያ ይጻፈው። በተለይ ስልኩ ከሚሄድ መኪና ላይ ዐሥር አኃዝ በቃሉ ይዞ የሚያልፍ ሰው ስለሌለ በመንገዱ ሰሌዳ ላይ ቦታ ከመያዝ በቀር አይጠቅምም፤ በግድግዳው ላይ ግን ቆሞ በስልኩ የሚመዘግበው ያገኛል። «ሌት ተቀን» የሚለውም እንዲሁ ነው። ቀን የሚያልፍ ሰው ሌሊት መከፈቱን ማወቅ አያስቸኩለውም፤ ሌሊት ለሚያልፈው ደግሞ ሰሌዳው ላይ የበራ አምፖል ከጽሑፉ በፊት ይነግረዋል። ቤቱ ማታ የሚዘጋ ከሆነ አምፖሉም ይጥፋ።

ቀልድና ቅኔ የሚወድ ባለ ቤት «ጎማዎ ከተነፈሰ እርስዎም እዚህ ይተንፍሱ» የሚል ነገር ይዞ ሊመጣ ይችላል። ቃሉ ለሁለት ነገር መዋሉ ያስፈግጋል፣ እኔም ወድጄዋለሁ። ነገር ግን አምስት ቃል ቢመስልም 21 ፊደል ነው፤ ከዚያም በላይ ሰምና ወርቅ አንዴ አንብቦ፣ መለስ ብሎ የሚያስብ አድማጭ ይፈልጋል። ይህም የግድግዳው ጽሑፍ ነው፤ በርጩማው ላይ ለተቀመጠው ሰው ሻይ ይሆነዋል።

ሞጆ በኦሮሚያ ስለሚገኝ ሰሌዳው በአፋን ኦሮሞም ይጻፋል፤ ይህ የቦታ ስሌቱን ይለውጠዋል። በቁቤ አናባቢው ለብቻው ስለሚጻፍ ቃሉ ብዙ ፊደል ይወስዳል፣ ስለዚህ ሁለቱን ቋንቋ በአንድ መስመር ላይ ማጣበብ ሁለቱንም ያጠፋል። የተሻለው ሰሌዳውን ከፍ አድርጎ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የራሱን መስመር መስጠት፣ «300» የሚለውን አኃዝ ግን አንዴ ብቻ በትልቁ ጽፎ ለሁለቱም ማጋራት ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ በየትኛውም ቋንቋ የሚነበብ አንድ ነገር አለ፦ ጎማው ራሱ። የከባድ መኪና ጎማ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ከሰሌዳው አጠገብ በእንጨት ላይ ከተሰቀለ ከማንኛውም ፊደል ቀድሞ ይታያል። በየመንገዱ ዳር ያረጀ ጎማ አቁመው የሚሠሩት ጎሚስታዎች ይህን ያወቁት ከማንም ማስታወቂያ ሠሪ በፊት ነው።

በቀለም በኩል ብዙ የሚባል የለም፤ ቢጫ መደብ ላይ ጥቁር ጽሑፍ በአቧራ ውስጥም ይለያል፣ ቀይ ግን በፀሐይ ቶሎ ይደበዝዛል። ይልቅ ብዙ የሚበላሸው በፊደሉ ውፍረት ነው። ጽሕፈት ባለሙያው ጎልቶ እንዲታይ ብሎ ፊደሉን ከልክ በላይ ሲያወፍረው የ«ሚ» ዓይኖች ይደፈናሉ፣ የ«ጎ»ም ቅጥያ ከግንዱ ጋር ይጣበቃል፤ ከቅርብ የሚያምረው ጽሑፍ ከሩቅ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። በፊደላቱ መካከል ያለውም ክፍተት በመጽሐፍ ከለመድነው ሰፋ ማለት አለበት።

ጽሑፉ ለአንባቢው መድረሱ የሚታወቀው ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት በሚደረግ ቀላል ሙከራ ነው። ሰሌዳውን በሃምሳ እጅ አሳንሶ በወረቀት ማተም፦ ሦስት ሜትሩ 6 ሴንቲ ሜትር፣ የ60 ሴንቲ ሜትሩ ፊደል 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 150 ሜትሩም በሃምሳ ሲካፈል ሦስት ሜትር ስለሆነ፣ ወረቀቱን በዚያ ርቀት ላይ ለማያውቀው ሰው ለሁለት ሰከንድ አሳይቶ መሸሸግና ምን እንዳነበበ መጠየቅ ነው። «ታየህ?» ተብሎ ከተጠየቀ አዎ ይላል፤ የሚጠቅመው «ምን ይላል?» የሚለው ጥያቄ ነው። «ርቀቱን አላየሁም» ካለ ሁለት ሜትር ላይ መድገም፣ ያኔም ካልተነበበ ሁለተኛውን መስመር ማግዘፍ። «ጎማ የሚል ይመስለኛል» ካለ ደግሞ ፊደሉ ወፍሯል ወይም ተጠጋግቷል ማለት ነው። ሁለት ሦስት ሰው ሲሞከር፣ ከነሱም አንዱ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ቢሆን፣ ቅድም በጥንቃቄ የገመትነው ሁለት ሜትር ተኩል ለዚህ ሰሌዳ የሚሠራ መሆን አለመሆኑ ይታያል።

ከመትከል በፊት ደግሞ ቦታውን ከመኪና ውስጥ ሆኖ ማየት ይገባል፤ በእግር ሲታይ ክፍት የሚመስለው ቦታ በትንሽ መኪና መቀመጫ ከፍታ ሲታይ ከዛፍ ወይም ዳር ከቆመ የጭነት መኪና በስተጀርባ ይሆናል። ከአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ ማውጣትና ከመንገዱ ክልል ውጭ መትከል፣ የትራፊክ ምልክት የሚመስል ቅርጽና ቀለምም አለመጠቀም ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ባለ ቤቱ የሚቀረው ለሚገባ ደንበኛ ሁሉ፣ ጎማውን እያወረደ፣ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ «ሰሌዳውን ከየት አዩት?» «ከበሩ ላይ» የሚሉ ከበዙ የ300 ሜትሩን ሰሌዳ አንድ ነገር ጋርዶታል።